መብራት በሄደ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

በቀደም አንዲት የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሥራ በማስረክብበት ቀን መብራት ከሄደ ለደንበኛው መቼ ልንገረው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

ከዚራ ቢሮ ነበረን፤ የሕንፃ ንድፍ እንሠራለን። አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ለሚዘጋ ጨረታ የመጋዘን ንድፍ ይጠብቃል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ፋይሉን ሴቭ አድርገን ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ብቻ በቃን። «ይመጣል» ተባባልን። ማራገቢያ ሲቆም የድሬ ቢሮ አያስቀምጥምና በረንዳ ወጥተን ሻይ አዘዝን። የምድር ባቡር ጡረተኛ የነበሩ ጎረቤታችን ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ ያጫውቱን ነበር። እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ!

እስከ 11 ሰዓት ስልኩ ይሠራል። ማታ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም። የስልክ ማማም መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ነው የሚቆየው፤ ጄኔሬተር ከሌለውና መብራቱ ከቆየ ባትሪው ያልቃል። መብራት ሌሊት መጣ፤ ንድፉን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክን። አትሞና ማኅተም አስደርጎ ለማስገባት ጊዜ አልነበረም። ደንበኛው፣ «ትናንት ከሰዓት የደረሰበትን ብትልኩልኝ እዚህ ሰው ፈልጌ አስጨርሰው ነበር» አለ። ያ ንግግሩ እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ መልእክቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ገና ኔትወርክ ሳለ ይሂድ። እንዲህ በሉ፦ «መብራት ሄዷል። ከአምስቱ ገጽ ሦስቱ አልቋል፤ በፒዲኤፍ ልኬዋለሁ። እስከ 12 ሰዓት ካልመጣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የማደርሰው። ይህ ካልሆነልዎ አሁኑኑ ይንገሩኝ።» የዛሬ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው፤ መጥፎ ወሬ መናገር ግን ትፈራላችሁ። ደንበኛን የሚያናድደው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላ አማራጭ መፈለጊያ ሰዓቱን ማጣቱ ነው።

የሁለቱንም ኩባንያ ሲም ያዙ። ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ አማራጭ አለን። ግን እኔ ሁለተኛ ሲም ላይ ብዙም አልተማመንም። ኩባንያዎቹ አንዳንድ ማማ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ሊጠፋ ይችላል። መብራት በሄደ ቁጥር ሁለቱንም እያያችሁ በእናንተ ሰፈር የትኛው እንደሚቆይ ለዩ። የወር ፓኬጅ ቀድማችሁ ግዙ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር መግዛቱም ያስቸግራል።

የቤት ኢንተርኔት ካላችሁ ራውተሩን መብራት ሲሄድ ዝም ብላችሁ አትዩት። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ። ከፓወር ባንክ 12 ቮልት የሚያወጣ ገመድ ይሸጣል፤ 20,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ አንድ ትንሽ ራውተር ለጥቂት ሰዓታት ያቆያል። የራውተሩን ቮልት ከአዳፕተሩ ላይ ሳታነቡ ግን አትሰኩ፤ 9 ቮልት የሚፈልግም አለ። ፓወር ባንኩን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል።