ቅድሚያውን ከመክፈሌ በፊት እንዲፈርሙልኝ እንዴት ልጠይቃቸው?

ጤና ይስጥልኝ። የወደድኩት ቤት አግኝቻለሁ። አከራይዋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ደግ ሴት ናቸው። የ3 ወር ቅድሚያ ክፈይ ብለውኛል። ውሃ ከኪራዩ ውስጥ ነው፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሳትገቢ አሠራለሁ፣ ለአንድ ዓመትም ኪራይ አልጨምርም ብለውኛል። ሁሉም ግን በቃል ነው። በጽሑፍ ይሁን ብላቸው «አላመነችኝም» ብለው እንዳይቀየሙ፣ ቤቱንም ለሌላ እንዳይሰጡብኝ ፈራሁ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?
ቤት ፈላጊዋ

እህቴ፣ ገንዘቡ በእጅሽ እያለ ጠይቂያቸው። ቅድሚያውን ከተቀበሉ በኋላ ለመፈረም የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ «ነገ እንጨርሳለን» እየተባለ ብቻ ወራት ይሄዳሉ።

ለአነጋገሩ፣ እንዲህ ብለሽ መልእክት ላኪላቸው፦ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ ልገባበት ወስኛለሁ። የተነጋገርነውን እንዳንረሳው ጽፌዋለሁ። ኪራዩ ለአንድ ዓመት አይጨምርም፣ ውሃ ከኪራዩ ውስጥ ነው፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከመግባቴ በፊት ይሠራል። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ። ውሉን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ እመጣለሁ። አንብበው ከተስማሙ እንፈራረምና ቅድሚያውን እዚያው እከፍላለሁ።»

መልእክቱ ቤቱን እንደፈለግሽው በመናገር ይጀምራል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ መስሎ አይሰማም። የመጻፉንም ድካም አንቺ ትወስጂያለሽ። መልእክት የማያነቡ ከሆነ በአካል ሄደሽ አንብቢላቸው። ልጃቸው ወይም የሚያምኑት ሰው አብሯቸው ቢቀመጥ ደስ ይበልሽ፤ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ይቀጥላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «የ3 ወር ቅድሚያ» የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ኪራይ ነው? ወይስ የ2 ወሩ ኪራይ ሆኖ የ1 ወሩ ስትወጪ የሚመለስ ማስያዣ ነው? አንቺ አንዱን፣ እሳቸው ሌላውን አስበው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ የምትወጪ ዕለት ነው። ኪራይ ከሆነ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ቀጣዩ ክፍያም መቼ እንደሚጀምር ይጻፍ። ማስያዣ ካለበት ለብቻው ይቀመጥ፦ መጠኑ፣ በምን ምክንያት ሊቀነስ እንደሚችል፣ ከወጣሽ በስንት ቀን እንደሚመለስ። ሳትገቢ ነገሩ ቢፈርስ ገንዘቡ ምን እንደሚሆንም አንድ መስመር ጨምሪ።

የበሩ ነገርም እንዲሁ ቀን ይፈልጋል። «በሩ ይታደሳል» ብቻ ከሆነ መቼ ተብሎ መጠየቅ አይቻልም። እንዲህ ይጻፍ፦ «አከራይ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከ____ ቀን በፊት ያሠራል። ካልተሠራ ተከራይ አሠርታ ወጪውን በደረሰኝ ከቀጣዩ ኪራይ ትቀንሳለች።» ውሃው ከኪራዩ ውስጥ መሆኑን ስትጽፊ መብራቱን አትርሺ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል ተነጋገሩ። ዓመቱ ሳይሞላ ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ወገን ከስንት ቀን በፊት እንደሚያሳውቅም ይግባ። ኪራዩ ባይጨምርም በመሀል «ውጪልኝ» ከተባለ የዓመቱ ቃል አይጠቅምሽም።

ከመፈረማችሁ በፊት መታወቂያ ተያዩ። ቤቱ የእሳቸው መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ እንዲያሳዩሽ በትሕትና ጠይቂ። ቤቱ በሌላ ሰው ስም ከሆነ የማከራየት ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና እዪ። ይህን መዝለል የለብሽም፤ ማከራየት የማይችል ሰው የፈረመው ወረቀት ገንዘብሽን አያድንም። በአካባቢሽ ሕግ ውሉ ምስክር ወይም ምዝገባ የሚፈልግ ከሆነም ቀድመሽ አጣሪ።

በመጨረሻም በየገጹ ፈርሙ፣ አንዱን ቅጂ ያዢ። ቅድሚያውን በባንክ፣ ውሉ ላይ በሰፈረው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አስገቢ፤ ምክንያቱንም ጻፊበት። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ እዚያው ደረሰኝ ይፈርሙልሽ።

«እንተማመን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ካሉሽ፣ «አምንዎታለሁ፤ እኔም ብረሳ እርስዎም ቢረሱ እንዳንጣላ ነው» በያቸው። ውሉ ረዘመብኝ ካሉ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽም ይበቃል። የትኛው መስመር እንዳልተመቻቸው ጠይቂና እሱን አስተካክሉ። በቃል ያሉትን ሁሉ እየደገሙ ምንም አልፈርምም ካሉ፣ ወይም «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ዛሬውኑ ክፈይ» እያሉ ካጣደፉሽ ግን ቤቱ ይቅርብሽ። ልብሽ ቢያዝንም ገንዘብሽ እጅሽ ላይ ነው፤ ሌላ ቤት ትፈልጊበታለሽ።