የጓደኛህን ጉዳይ የሚወስነው የቀን ቁጥር

«ጓደኛዬ ፈረንሳይ ውስጥ ሰው በቡጢ መታ ተብሎ ተከሰሰ። አንዱ ‹ደንብ መተላለፍ ነው፣ በገንዘብ ያልቃል› ይለዋል፣ ሌላው ‹እስር አለው› ይለዋል። የቱን እንመን?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ፍርድ ቤት ለዓመታት አስተርጉሜያለሁ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ሐኪሙ የጻፈውን የቀን ቁጥር ነው።

ቁጥሩን «ኢቴቴ» ይሉታል። ተመቺው እንደ ልብስ መልበስና መታጠብ ያሉ የዕለት ተዕለት ነገሮችን ስንት ቀን እንደ ልቡ ማድረግ እንዳልቻለ ያሳያል። 8 ቀን ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ሌላ የሚያከብድ ነገር ከሌለ ጉዳዩ ደንብ መተላለፍ ነው። ቅጣቱ እስከ 1,500 ዩሮ ነው፣ እስራት የለውም። ከ8 ቀን ካለፈ ግን ያው ቡጢ ወንጀል ይሆናል። እስከ 3 ዓመት እስራትና 45,000 ዩሮ ያስቀጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢቴቴና ሐኪም ከሥራ እንዲያርፉ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ አንድ አይደሉም። አንድ ያስተረጎምኩለት ልጅ ተመቺው የ15 ቀን የሕመም ፈቃድ ማውጣቱን ሰምቶ «አለቀልኝ» ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። መዝገቡ ሲገለጥ ኢቴቴው 5 ቀን ነበር። በገንዘብ ቅጣት ወጣ። ስለዚህ ጓደኛህ ጠበቃውን «የሐኪሙ ወረቀት ላይ ኢቴቴው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቁጥሩ የተጋነነ ከመሰላቸው ሌላ የሕክምና ምርመራ እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል።

ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ግን ጠርሙስ ተይዞ ከነበረ፣ የተመታችው ሚስቱ ከሆነች ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ከደበደቡ፣ ነገሩ በቀጥታ ወንጀል ነው።

በፖሊስ ዘንድም ልዩነት አለው። በደንብ መተላለፍ ብቻ ሰውን «ጋርድ አ ቩ» በሚሉት እስር ማቆየት አይቻልም። ለወንጀል ግን እስከ 24 ሰዓት ሊያዝ ይችላል፣ ዐቃቤ ሕግ ከፈቀደ ደግሞ ወደ 48 ሊራዘም ይችላል። ቁጥሩ ሳይታወቅ ፖሊስ በወንጀል ጠርጥሮ ሊይዘው እንደሚችልም እወቅ። አድሮ ስለወጣ ብቻ ጉዳዩ ከባድ ነው ማለት አይደለም።

ተመቺው ከሞተ ደግሞ፣ መቺው መግደል ባያስብም፣ ከባድ ወንጀል ነው። እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ከችሎት በፊትም የምርመራ ዳኛ የግድ ያጣራዋል። የጓደኛህ ግን እዚያ አይደርስም።

መጥሪያው ደርሶት ከሆነ ከላይ የተጻፈውን የፍርድ ቤት ስም ያንብበው። «ትሪቢናል ደ ፖሊስ» ካለ በደንብ መተላለፍ ነው የተጠራው። «ትሪቢናል ኮሬክስዮኔል» ካለ እስር ያለበት ነው፤ ዛሬውኑ ጠበቃ ይያዝ።