ፒዲኤፉ እኔ ላፕቶፕ ላይ ቆንጆ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ ግን ይበላሻል

ጥያቄ፦ «በወርድ የጻፍኩትን አማርኛ ፒዲኤፍ አድርጌ ለሰዎች ላክሁ። እኔ ጋ ምንም አልሆነም፣ እነሱ ጋ ግን ርዕሶቹ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ፣ አንዳንዱ ስልክ ላይ ደግሞ ሳጥን ሳጥን ብቻ። ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ እንዴት ነው የማስገባው? ነገ ማተሚያ ቤት መላክ አለብኝ።»

ወንድሜ ነገ እንዳትልከው። እኔ «ነገ ይድረስ» ብዬ ነው 19,500 ብር ያስበላሁት፣ ያውም የራሴን ሳይሆን የእድሩን።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። መተዳደሪያ ደንቡ ተሻሻለና 28 ገጽ ሆኖ 300 ኮፒ ይታተም ተባለ፣ አንዱ በ65 ብር። ጽሑፉን ወርድ ላይ የተየብኩት እኔው ነኝ። ዝርዝሩን በኒያላ፣ የአንቀጽ ርዕሶቹን ግን ጓደኛዬ በፍላሽ በሰጠኝ የድሮ ፎንት፣ ወፈር ያለ የመጽሐፍ ሽፋን የሚመስል ነገር። ያንተም ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ የተቀየሩት ርዕሶቹ ናቸው ስላልክ ነገሩ ቁርጥ የኔው ነው፣ ስለዚህ በቁጥር ልዘርዝርልህ።

1. ርዕሱ እውነት አማርኛ መሆኑን እይ። ስትሰማው ያስቃል ግን አትሳቅ። አንዱን ርዕስ ሴሌክት አድርግና ፎንቱን Arial አድርገው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር የሚታወቅ የራሱ ቁጥር አለው፣ ወርድ ራሱ ሌላ የአማርኛ ፎንት ፈልጎ ያሳይሃል። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተቀየረ ግን ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያም አማርኛ አልነበረም ማለት ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተሠሩት አማርኛ ዩኒኮድ ውስጥ ሳይገባ ነው (የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው)፣ ስለዚህ የኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ካለ አማርኛ ታያለህ፣ ከሌለ የተደበቀው ይወጣል። የኔ «አንቀጽ» ምን ሆኖ እንደወጣ ላሳይህ፦

```
›”kê 7
```

ይሄ 300 ኮፒ ላይ ታትሟል፣ እያንዳንዱ ላይ 19 ጊዜ።

2. ሳጥን ሲሆንስ ላልከው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒኮድ የሆነ ፎንት ሳይገባ ሲቀር ነው። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚለው «ስልኬ እኮ አማርኛ ያነባል» ነው። ያነባል፣ ግን ወርድ ፒዲኤፉ ውስጥ የሚጽፈው «ሀ» ብሎ ሳይሆን «የዚህ ፎንት ይህን ያህልኛው ቅርጽ» ብሎ ነው። ያ ፎንት አብሮ ካልተላከ ስልኩ የራሱን አማርኛ ፎንት ቢያመጣም ቁጥሩ እዚያ ሌላ ቅርጽ ነው። አድራሻ ይዘህ የተሳሳተ ከተማ እንደመግባት በለው።

3. ወርድ ላይ Embed fonts in the file የምትለዋ ነገር አታታልህ። File ከዚያ Options ከዚያ Save ውስጥ ያለችዋን ማለቴ ነው። እሷ ፎንቱን የምታስገባው ወርድ ፋይሉ ውስጥ እንጂ ፒዲኤፉ ውስጥ አይደለም። ሌላ ሰው በራሱ ኮምፒውተር እንዲያርምልህ ስትልክ ትጠቅማለች፣ አለቀ። እኔ እሷን ቲክ አድርጌ ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

አሁን ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ዋናው ስህተቴ እዚህ ነው ያለው።

መጀመሪያ ፒዲኤፍ ሳደርገው ርዕሶቹ ደብዘዝ ብለው መጡ፣ ዙም ሳደርግ ጠርዛቸው የተቆራረጠ፣ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ የሚመስል። ዝርዝሩ ግን ጥርት ያለ ነው። ተናደድኩ። ፒዲኤፍ ሴቭ ሲደረግ ከስር Options የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ከፍቼ Bitmap text when fonts may not be embedded የሚል ቲክ አገኘሁ። ቢትማፕ የሚለውን ሳይ ያደበዘዘው ይሄ ነው ብዬ ቲኩን አነሳሁት። ወዲያው ርዕሶቹ ጥርት አሉ! እንዴት እንደኮራሁ አልነግርህም፣ ባለቤቴን ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ለካ ወርድ እየነገረኝ የነበረው ሌላ ነው። የርዕሱ ፎንት ባለቤቱ እንዳይገባ የከለከለው ነበር። ፎንት ውስጥ «ሰነድ ውስጥ አስገቡኝ» ወይም «አታስገቡኝ» የሚል ፈቃድ ተጽፎ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ የፎንቱን ፋይል ራይት ክሊክ አድርገህ Properties ከዚያ Details ውስጥ Font embeddability የሚለውን ስታይ Restricted ካለ ወርድ አያስገባውም። ሳያስገባ ሲቀር በቲኩ ምክንያት ፊደሉን ወደ ስዕል ለውጦ ያስቀምጥልሃል፣ ያ ነው ድብዝዝ ያለው። እኔ ቲኩን ሳነሳው ስዕሉም ቀረ፣ ፎንቱም አልገባ፣ ፒዲኤፉ ውስጥ የቀረው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። የኔ ላፕቶፕ ላይ ጥርት ያለው ፒዲኤፉ ጎደሎ ሆኖ ሳለ ሪደሩ ፎንቱን ከላፕቶፔ ስለሚበደር ነው።

ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ፋይሉን መልሶ በኢሜይል ላከልኝና «አይተህ አረጋግጥ» አለኝ። አየሁ። የት? እዚያው ላፕቶፕ ላይ! ቆንጆ ነው ቀጥሉ ብዬ ፈረምኩ። ወንድሜ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይቺን ያዛት፣ ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ያየኸው ፒዲኤፍ እንዳላየኸው ቁጠረው።

ቅዳሜ ካርቶኑን ተረከብኩ፣ ታሽጓል፣ አልከፈትኩትም። እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ታደለ። አንድ አዛውንት አባል መነጽራቸውን አድርገው ገልጠው ገልጠው «ጸሐፊ፣ ይሄ በፈረንጅኛ የተጻፈው ለማን ነው?» አሉኝ። ጉባኤው ሳቀ፣ ዳኛችን ግን አልሳቁም።

ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ስልኩን እየነካካ ቀና ሳይል «እኛ የላክኸውን ነው ያተምነው፣ ፈርመሃል» አለኝ። እሺ ፈርሜያለሁ፣ ግን የአማርኛ ደንብ ላይ ይሄንን ቆሻሻ 300 ጊዜ ሲያትም አንድ ሰው ስልክ አይደውልም? ኃላፊውን አገናኘኝ ስለው «ስብሰባ ላይ ነው» አለኝ፣ ኃላፊው ከኋላው ሻይ ይጠጣል። እኔም ጥፋት አለብኝ፣ አልክድም፣ የወጪውን ግማሽ 9,750 ብር በሦስት ወር ከኪሴ ከፍያለሁ። ግን ያ ልጅ እስከዛሬ ይበላኛል።

እና በሁለተኛው እትም ያደረግኩትን እንዳለ አድርግ። ርዕሶቹ የድሮ ፎንት ስለነበሩ ፎንት መቀየር ብቻ አያድናቸውም፣ ላቲን ነው የሚሆኑት፣ 19ኙንም በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ጻፍኳቸው። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያቺን ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ባወጣት ኖሮ። የተጠቀምኩት ፎንት Noto Serif Ethiopic ነው፣ ነጻ ነው፣ ማስገባትም ይፈቅዳል። ከጎግል ፎንትስ ስታወርደው ዚፑ ውስጥ static የሚል ፎልደር አለ፣ ከዚያ ውስጥ Regular እና Bold የሚሉትን ጫን። ከውጭ ያለውን አንዱን ትልቅ ፋይል እንዳትጭን፣ እሱ ውፍረቱ የሚለዋወጥ ዓይነት ነው፣ ወርድ ደግሞ ከሱ ጋ አይስማማም፣ ቦልዱን ፒዲኤፉ ላይ ሊያጠፋብህ ይችላል። Abyssinica SIL ም ያምራል፣ ለዝርዝሩ እኔ እንደውም እሱን እመርጣለሁ፣ ግን የራሱ ቦልድ የለውም፣ ለርዕስ ስታወፍረው ወርድ በግድ ነው የሚያወፍረው፣ ያስታውቃል።

ከዚያ Save As ብለህ PDF ምረጥ፣ Options ውስጥ ገብተህ PDF/A የሚለውን ቲክ አድርግ (በድሮው ወርድ ISO 19005-1 ይላል)። PDF/A ለማኅደር ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፣ የተጠቀምክበት ፎንት ሁሉ ውስጡ መግባት አለበት ይላል። ሊብሬኦፊስ ከሆነም Export as PDF ስትል Archive የሚል ታገኛለህ፣ ያው ነው። ፋይሉ ይከብዳል ብለህ አትፍራ፣ የሚገባው የተጠቀምክባቸው ፊደሎች ብቻ ናቸው እንጂ ፎንቱ በሙሉ አይደለም።

አሁን ማረጋገጫው። አክሮባት ሪደር ላይ Ctrl+D ተጫንና Fonts የሚለውን ክፈት። እያንዳንዱ ፎንት አጠገብ (Embedded Subset) መኖር አለበት። አንዱ ላይ እንኳ እሱ ከሌለና ከስሩ Actual Font የሚል መስመር ካየህ እሱ ከኮምፒውተርህ የተበደረው ነው፣ አትላከው። ያልመረጥከው Nyala ወይም Ebrima ብታይ አትደንግጥ፣ የእንግሊዝኛ ፎንት ላይ አማርኛ ስትጽፍ ወርድ በራሱ የሚያስገባቸው ናቸው፣ ገብተው እስካሉ ድረስ ችግር የለም። ሊነክስ ያለው ሰው ካለህ ደግሞ ይቺ ትበቃለች፦

```
pdffonts denb.pdf
```

emb የሚለው ዓምድ ቁልቁል yes ብቻ መሆን አለበት። uni የሚለውንም እይ። እሱ no ከሆነ ፊደሉ ለዓይን ደህና ሆኖ ሳለ ኮፒ ስታደርግና ስትፈልግ ዝብርቅርቅ ሊያወጣ ይችላል። በዚህ ላይ የድሮ ፎንት ብታስገባውም ለዓይን ያምራል እንጂ ውስጡ ያው ላቲን ነው፣ «መዋጮ» ብለህ ብትፈልግ አታገኝም። በመጨረሻ ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ስልክህ ላክና ክፈተው፣ ላፕቶፕህ ላይ የጫንከው ፎንት ስልክህ ላይ የለም።

ሁለተኛውን እትም ሜሪላንድ ላለ አባላችን በስልክ ላክሁለት። ከፍቶ «መዋጮ» ብሎ ፈልጎ አንቀጽ 7ን አግኝቶ፣ የሦስት ወር ውዝፉን ያን ቀን ላከ። ከዳኛችን ጋ የታረቅነው ያኔ ነው።

አሁን የተበላሸውን ገጽ ፎቶ ሳይሆን የዚያን Fonts ዝርዝር ስክሪንሻት እዚህ ለጥፍ፣ ማታ ከእድር ስብሰባ ስመለስ አየዋለሁ።