ስኳር ያለበት ሰው ታማሚ ነው ወይስ ጤነኛ? ስለ ሕመምተኛ ሚና ጥያቄና መልስ

የማስተርስ ተማሪ፦ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፓርሰንስ ስለ ሕመምተኛ ሚና የጻፈውን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። መምህራችን ግን «ሥር ለሰደደ ሕመም አይሠራም» ብለው አለፉት። ለምን አይሠራም?

መልስ፦ ታልኮት ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ያለውን ልብ በል። ለእሱ መታመም የሰውነት መጎዳት ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ለታመመው የሚሰጡት ቦታም ነው። ቦታውን ያገኘ ሰው ከተለመደው ኃላፊነቱ ነጻ ይሆናል፤ በመታመሙም አይወቀስም። በምላሹ መዳንን መፈለግ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድና የታዘዘውን መፈጸም ይጠበቅበታል። ወባ የያዘውን ሰው አስብ። ይተኛል፣ ጎረቤት ይጠይቀዋል፣ መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ ሲሻለው ወደ ሥራው ይመለሳል። ነጻነቱን ማንም የማይነፍገው ማብቂያ ስላለው ነው።

ስኳር ግን ማብቂያ የለውም። ይህን ትችት ፓርሰንስ ራሱ ሰምቶት እ.ኤ.አ. በ1975 መልስ ሰጥቶበታል። መዳን ባይቻልም ሕመሙን መቆጣጠር ይቻላል፣ ስለዚህ ሚናው አለ ብሎ ስኳርን በምሳሌነት አንሥቷል። እኔ በዚህ ከፊሉን እስማማለሁ። ግዴታው በእርግጥ አለ፤ መርፌው፣ የጣት ደም ምርመራው፣ የምግቡ ጥንቃቄ በየቀኑ ይቀጥላል። መብቱ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይነሣል። ዘመድ መጠየቁን ያቆማል፣ አለቃም ይረሳል። ሥር በሰደደ ሕመም ሚናው የሚሰበረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ነርስ፣ ከጅማ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ሕመም የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሰውየው ታሟል፣ ካላለ አልታመመም። ማኅበረሰቡ ምን አገባው?

መልስ፦ ጉዳቱ የሰውነት መሆኑን እኔም አልክድም። ከፍ ያለ ስኳር ዓይንንና ኩላሊትን የሚጎዳው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው። የሚያከራክረን መስመሩ የት ይሰመር የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1997 ድረስ በጾም የተለካ የደም ስኳር 140 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲደርስ ነበር የስኳር ሕመም የሚባለው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ወደ 126 አወረደው። ምክንያት ነበራቸው፤ የዓይን ጉዳት ከ140 በታችም መታየት ይጀምራል። ቢሆንም ማታ 130 ሆኖ የተኛው ሰው በሰውነቱ ላይ ምንም ሳይለወጥ ጠዋት ታማሚ ሆኖ ተነሣ።

ዛሬም 105 ያለው ሰው በአሜሪካው ማኅበር መለኪያ «ቅድመ ስኳር» ይባላል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ደግሞ ጤነኛ ነው፤ የእነርሱ መነሻ 110 ነውና። በሌላ በኩል 300 ደርሶባት ሳትመረመር እንጀራ የምትጋግረውን ሴት አስቡ። በደሟ ታማለች፤ ነገር ግን ማንም «ተኚ» አይላትም፣ እርሷም ራሷን ታማሚ አድርጋ አትቆጥርም። ላቦራቶሪው አንዱን ነገር ይነግረናል፤ ማን ቦታውን ያገኛል የሚለውን ግን ብቻውን አይወስንም።

የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ፦ ታዲያ ይህን ሚና እየተጫወቱ ከሥራ የሚቀሩትን በምን እንለያቸው? እኛን ያስቸገረን እሱ ነው።

መልስ፦ ሚና ስል ማስመሰል ማለቴ አይደለም፤ በእውነት የታመመውም ሚና አለው። ጥያቄዎ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ የሕመም ፈቃዱ በር ጠባቂ የሐኪም ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ይህ ወድቆ ለሚነሣ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

አሁን ኢንሱሊን የሚወስድ የሒሳብ ሠራተኛን እንመልከት። ጠዋት መርፌውን ወግቶ ቁርሱን በልቶ ይመጣል። ስብሰባው ከምሳ ሰዓት ያልፋል። ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል። የሚያስፈልገው ተነሥቶ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅና እንደገና መለካት ነው። ሃያ ደቂቃ! ለሃያ ደቂቃ ማኅተም የሚመታ ሐኪም የለም። በጊዜው ቢወጣ «ስብሰባ የማያከብር» ይባላል። ቢቀመጥና ራሱን ቢስት ግን ሁሉም ተሯሩጦ ያነሣዋል፣ ያን ጊዜ ታማሚነቱ ይታመናል። ሕመሙን በደንብ የያዘ ሰው የሚታመነው ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ አስመሳይ ከማደን በፊት ስብሰባውን በሰዓቱ ይጨርሱለት፣ መሳቢያው ውስጥም የሚበላ ነገር እንዲያስቀምጥ ይፍቀዱለት።

ከደሴ፦ እናቴ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። የንስሐ አባታቸው እንዳይጾሙ ነግረዋቸዋል፤ እርሳቸው ግን «እኔ ምን ሆንኩ? ቆሜ እሄድ የለ?» ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ።

መልስ፦ እናትዎ ነጻነቱን እየተሰጣቸው አልቀበልም አሉ። በዓይናቸው ታማሚ ማለት የተኛ ሰው ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ቤት ያስተዳድራሉ። ከጾሙ መውጣት ከጎረቤት ጋር ከሚኖሩበት ሕይወት መውጣት ይመስላቸዋል። ስለዚህ «ታመዋል» ብሎ መከራከር ብዙም አይረዳም። አደጋው ከሥጋና ከወተት መከልከላቸው ላይ ሳይሆን መርፌ ወግቶ ሳይበሉ መዋል ላይ ነው። ከመርፌው በኋላ የጾም ምግብ በሰዓቱ እንዲበሉ፣ መጠኑንም ሐኪማቸው እንዲያስተካክለው፣ ሐኪሙና የንስሐ አባታቸው አንድ ቃል ቢነግሯቸው ይሻላል። ላብና መንቀጥቀጥ ሲያዩባቸው ግን ክርክር የለም፣ ወዲያው ጣፋጭ ይስጧቸው።

ከሪያድ፦ ልጨምር። በእኛ ዘንድ የሚድን በሽተኛ የረመዷንን ጾም ያፈጥርና በኋላ ያለፉትን ቀናት ጾሞ ቀዷ ያወጣል። የመዳን ተስፋ የሌለው ግን ስለ እያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል፣ ፊድያ ነው።

መልስ፦ እጅግ ጥሩ አመጡት። ይህ ሥርዓት ማብቂያ ላለው ሕመምና ለሌለው ሕመም ሁለት የተለያዩ በሮች አሉት። ሁለተኛው ሰው እንደማይድን ታውቆ እንኳ ከማኅበረሰቡ አልወጣም፤ የሚሰጠው ነገር ተቀምጦለታል። የሥራ ሕጋችን ይህን ሁለተኛ በር ገና አልሠራም።

እናት፣ ከአዳማ፦ ልጄ ዓይነት አንድ ስኳር ተገኝቶበታል። ሰው ሁሉ «ምን ጣፋጭ ስታበዪው ኖረሽ ነው?» ይለኛል። የእኔ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዓይነት አንድ የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል፤ ከረሜላ አያመጣውም። ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ ልጅዎ ያለ ሕፃን ዕድሜው አጭር ነበር፣ የሚወቅስም አልነበረም። መድኃኒቱ ዕድሜ ሲሰጥ «በደንብ ያዝሽው ወይ?» የሚል ጥያቄም አብሮ መጣ።

ዓይነት ሁለት ያለባቸው ወቀሳው ይበረታባቸዋል። ክብደትና አኗኗር ድርሻ አላቸው፤ ዘርም ድርሻ አለው፣ ቀጭን ሰውም ይይዘዋል። ወቀሳው ጥንቃቄን ይጨምራል የሚሉ አሉ። እኔ በብዛት የማየው ሰዎች መርፌያቸውን ደብቀው መጸዳጃ ቤት ሲወጉ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ከላይ የጻፉት እኔን ነው የሚመስለው። ለአዲሱ አለቃዬ ልንገረው?

መልስ፦ በሩቅ ሆኜ መወሰን አልችልም። ከነገሩት ሃያ ደቂቃዎን ያገኛሉ፤ ግን እድገት ሲመጣ «አይችለውም» ሊባሉ ይችላሉ። ካልነገሩት ዝናዎ ይጠበቃል፤ ራስዎን ቢስቱ ግን ሰክሯል ብሎ የሚተውዎት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለአለቃዎ ባይነግሩም አጠገብዎ ለሚቀመጥ አንድ ሰው ይንገሩ፣ ስኳሩ የት እንዳለም ያሳዩት። አፍዎ መዋጥ ካቃተው ምንም እንዳያጠጣዎት፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት እንዲያደርስዎም ይንገሩት።