ሁሉንም «ቅናት» ብዬ የከፈልኩት ዋጋ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ጄለስ እና ኤንቪየስ የሚሉት ቃላት ይደጋገማሉ። እስካሁን ሁለቱንም ቅናት ብያቸዋለሁ፤ ግን ልክ አልመሰለኝም። ኤንቪየስን ምቀኛ ልበለው? የሰራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።»

ወንድሜ፣ ስራውን ገና ካላስረከብክ እግዜር ይወድሃል። እኔ የነቃሁት ካስረከብኩ በኋላ ነው። ያንተም እንደኔ ለትርጉም ቢሮ የሚሰራ፣ በገጽ የሚከፈልበት ስራ ይመስለኛል። ስለዚህ የደረሰብኝን በቀጥታ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ በቦታው ስንት ሰው እንዳለ ቁጠር። ኤንቪየስ ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ ያለው እና የሌለው። ጄለስ ግን ሦስት ሰው ይፈልጋል። እኔ፣ የኔ የምለው ሰው፣ እና ይወስድብኛል ብዬ የምሰጋው ሌላ ሰው። የመጀመሪያው የሌለኝን መፈለግ ነው። የኋለኛው ያለኝን እንዳላጣ መስጋት ነው። አስቸጋሪው ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በወሬ ላይ ጄለስን ለሁለቱም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ጄለስ የሚለውን ባየህ ቁጥር ሦስተኛውን ሰው ፈልገው። ከሌለ፣ የጻፈው ሰው የፈለገው ኤንቪየስን ነው።

የኛ «ቀና» ደግሞ ከመነሻው ሁለቱንም ይሸከማል። «በሚስቱ ይቀናል» ስትል ሰው ሁሉ የሚረዳው ሌላ ወንድ እንዳይነካበት ይሰጋል ብሎ ነው። «በጎረቤቱ ይቀናል» ስትል ግን ጎረቤቱ ያለውን ይፈልጋል ማለት ነው። ግሱ ያው፣ «በ»ም ያው። በመጀመሪያው «በ» የሚወደድ ሰው ላይ ተቀመጠች፣ በሁለተኛው ባለጸጋው ላይ። እንግዲህ ሚስትየዋ ከባሏ የበለጠ ደሞዝ ቢኖራትስ? «በሚስቱ ይቀናል» የቱን ነው? እኔን የጣለኝ ይኼ ነው።

2. «ይቀናብሻል?» ብለህ ብቻውን የቆመ ጥያቄ እንዳትጽፍ። ይቺን ምክር በአንድ መስመር ልጨርሳት ነበር፤ ግን ታሪኩን ካልነገርኩህ አትገባህም።

ስራው በትዳር ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ሴቶች የሚሞሉት መጠይቅ ነበር። አርባ ገጽ ገደማ። እንግሊዝኛው አንድ ቦታ ላይ ባልሽ ጄለስ ነው ወይ ይላል። እኔም ሳላመነታ «ባልሽ ይቀናብሻል?» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛው ያምራል፣ አጭር ነው፣ ማንም ሴት ይገባታል ብዬ ረካሁ። አስረከብኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። መጠይቁን ከመበተናቸው በፊት ጥቂት ሴቶች ላይ ሞክረውታል። መልሱ አልገጠመም። ነይና ራስሽ ስሚ ተባልኩ። ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ጠያቂዋ እየጠየቀች እኔ ጥግ ይዤ አዳምጥ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሴት «አዎ፣ ይቀናብኛል» አለች። ጠያቂዋ ምልክት አደረገች። ሴትየዋ ግን ቀጠለች። «እኔ እድገት ካገኘሁ ጀምሮ ፊቱ ጠቁሯል። ከሱ በልጬ ማግኘቴ አላማረውም። ስወጣ ስገባ ግን የት ነበርሽ አይልም፤ በዚህ በኩል ጨዋ ነው።» ልብ በል። ይቺ ሴት «አዎ» ብላለች፤ ግን የተጠየቀችው ሌላ ነገር ነው። ባሏ ኤንቪየስ ነው እንጂ ጄለስ አይደለም። መጠይቁ ሊለካ የፈለገው ሚስቱን የሚቆጣጠር ባልን ነበር።

ሁለተኛዋ ጥያቄውን ስትሰማ ፈገግ አለች። «እንዴታ! ባይወደኝ ይቀናብኝ ነበር?» አለች በኩራት። ለሷ ጥያቄው ባልሽ ይወድሻል ወይ የሚል ነበር።

ሦስተኛዋን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ነጠላዋን እየጠቀለለች «ኧረ እሱስ አይቀናም» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች። «ስልኬን ነው እንጂ ማታ ማታ የሚፈትሸው። ወንድ ልጅ ከደወለ ግን ያው… ይቆጣል።» ጠያቂዋ «አይ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ነበር። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀና ብላ አየችኝ። ለዚያች ሴት «የሚቀና ባል» ማለት ሰፈር አስወጥቶ የሚደባደብ ነው። ስልክ መፈተሽ ቅናት ተብሎ አይጠራም።

አንድ ቃል፣ ሦስት ሴቶች፣ ሦስት የተሳሳተ ምልክት። አጥፊዋ እኔ ነኝ፤ አልክድም።

መፍትሄው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ቃሉን ትተን ድርጊቱን ጻፍን። «ከሌላ ወንድ ጋር ስታወሪ ቢያይሽ ይቆጣል?» እና «የት እንደዋልሽ፣ ከማን ጋር እንደነበርሽ እየደጋገመ ይጠይቅሻል?» አልን። ሦስተኛው ሰው ጥያቄው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛዋ ሴት ያለ ምንም ማንገራገር «አዎ» ትላለች። የመጀመሪያዋ «አይ» ትላለች። እንግሊዝኛ አንድ ቅጽል አስቀምጦ ያልፋል። አማርኛ ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ሲነገረው ነው ቁልጭ የሚለው።

አሁን ስለ ቢሮው ልናገር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስህተቴን አምኜ ሙሉውን ሰነድ በራሴ ጊዜ እንደገና አየሁት። «ቅናት» የሚለው ሌሎች ቦታዎችም ላይ ነበር። አንዱ ስለ ሁለት እህትማማቾች ነው፤ ታናሽየዋ በታላቋ ትዳር ኤንቪየስ ናት ይላል። እሱን «የእህቷን ትዳር ስታይ ምነው የኔም እንዲህ በሆነ ትላለች» ብዬ አስተካከልኩት። አራሚው ግን እኔን ሳይጠይቅ «እህቷን ትመቀኛለች» አደረገው። ለምን ብዬ ስጠይቅ «መዝገበ ቃላቱ እንደዚያ ይላል፣ የማያስፈልግ ጨዋታ አታምጪ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከክፍያዬም ሩቡን ቆረጡ።

ያንተ ጥያቄ እዚህ ላይ ነውና በደንብ ስማኝ። ምቀኝነት ከቅናት ቀጥሎ ያለ ደረጃ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። የቀና ሰው ያንተ ነገር እንዲኖረው ይፈልጋል። የተመቀኘ ሰው አንተ እንዲኖርህ አይፈልግም። እሱ ባያገኝም ግድ የለውም፤ አንተ ካጣህ ይበቃዋል። በሰዋስውም ይለያሉ። «ቀናብኝ» ስትል ስሜቱ እሱ ሆድ ውስጥ ነው። «ተመቀኘኝ» ስትል ግን እኔ ተነክቻለሁ፤ ስራዬን አበላሽቷል፣ ስሜን አጥፍቷል፣ ወይ ሊያደርግ እያሰበ ነው። ሚኒባስ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተብሎ ሲለጠፍ አይተሃል። በቦታው «ቀናተኛ» ብትለው ነገሩ ይፈርሳል። ያቺ ታናሽ እህት ደግሞ ለእህቷ ክፉ አልተመኘችም። እንዲያውም በሚቀጥለው ገጽ የእህቷን ልጅ ታዝላለች። አራሚው በአንድ ቃል ክፉ ሴት አደረጋት።

ስብሰባ ሲጠሩኝ ይህንኑ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ አንድ ናቸው ላሉኝ ገላትያ ምዕራፍ 5ን ከፈትኩላቸው። ቁጥር 20 ላይ ቅንዓት አለ፣ ቁጥር 21 ላይ ምቀኝነት አለ፤ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ለየብቻ ተቆጥረዋል። ኦሪት ዘጸአት ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ስለ ራሱ «ቀናተኛ አምላክ ነኝ» ይላል። «ምቀኛ አምላክ» የሚል ሰው አለ? ክፍሉ ጸጥ አለ። እህትየዋን መለሱልኝ። የተቆረጠውን ገንዘብ ግን አልመለሱልኝም።

ከዚህ የምታተርፈው አንድ ነገር አለ። ኤንቪየስን ምቀኛ የምትለው ባለቤቱ ሌላውን ለማሳጣት ሲፈልግ ወይም ሲሰራ ብቻ ነው። ካልሆነ «ቀና» ይበቃል፤ ግን የቀናበትን ነገር በአረፍተ ነገሩ ውስጥ አብራራው። «በእህቷ ቤት ቀናች» ብለህ እንዳትጽፍ። አንባቢ እህቷ ቤት ሄዳ ሳለ ቀናች ብሎ ሊያነበው ይችላል። «እህቷ ቤት በመስራቷ ቀናች» ወይም «የእህቷን ቤት ስታይ ቅናት ያዛት» በል። ነገሩ ከቅናትም የቀለለ ፍላጎት ከሆነ «ጎመጀች» ወይም «ቋመጠች» አለልህ።

ቁጥሩን ትቼዋለሁ መሰለኝ። አንዲት ነገር ግን ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ናት። ጓደኛዋ ለእረፍት ባህር ዳርቻ ሄዳ ፎቶ ትልካለች፣ ይቺኛዋ «በጣም ጄለስ ነኝ» ብላ ትመልሳለች። እዚህ ሦስተኛ ሰው የለም፣ ክፋትም የለም፣ ቅናትም የለም። ያለው ፍቅር ነው። የከተማ ልጆች ዛሬ «ቀናሁብሽ» ይላሉ፤ ገጸ ባህሪዎቹ ወጣቶች ከሆኑ ይሄዳል። ንግግሩ የትልቅ ሰው ከሆነ ግን አይሄድም። ልጅ ሲያምርባቸው «ከዓይን ያውጣው» የሚሉ እናት «ቀናሁብሽ» ሲባሉ ይደነግጣሉ። ለዚህ የተሰራ ቃል አለን፤ «ታድለሽ!»። ምኞቱም፣ ለሷ ደስ መሰኘቱም በአንድ ቃል አለ። እኔ ይቺን ቃል ያገኘኋት ከመጽሐፍ አይደለም። እናቴ በስልክ ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ሰምቻት፣ እጄ ላይ የነበረውን ረቂቅ ከፍቼ አራት ቦታ ቀይሬያለሁ።

ልጅ ታናሽ ሲወለድበት ያለውንም ተጠንቀቅ። በቁጥር ካየኸው ጄለስ ነው፤ እናት አለች፣ ህጻኑ አለ፣ እሱ አለ። «ቀናበት» ትክክል ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጥግ ይዞ ሲያኮርፍ ግን «ሆዱ ባሰው» የሚለው ነው ፊቱን የሚያሳይህ።

ቀድመህ የሰራኸውን ፋይል ክፈትና «ቅና» ብለህ ፈልግ። «ቀና» እና «ቀንቶ» የሚሉትንም ለየብቻ ፈልጋቸው፤ አንዱን ስትፈልግ ሌላው አይመጣም። «ይቀና» ግን «ቀና» ስትል አብሮ ይመጣል። «ቀና» ስትል «ይቅናህ» ከሚለው ወገን የሆነውም፣ «ቀና ሰው» የሚለውም ይመጣብሃል፤ እነሱን እለፋቸው። በቀሩት ላይ ሦስተኛውን ሰው ፈልግ። የሚያጠራጥርህ ካለ አረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት መስመሮች ጨምረህ እዚህ ለጥፈው። ማታ ማታ አያለሁ።