አውቶቡስ ተበላሽቶ ሲያረፍዱ ለቡድን መሪ የሚላክ መልእክት

«የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሸ። ለቡድን መሪዬ ምን ብዬ ልጻፍላት? ሰዓቱን እንደማካክስስ እንዴት ልንገራት?»

የመግቢያ ሰዓት ሳያልፍ ይህን ይላኩላት፦

«እንደምን አደሩ። ከአያት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሲኤምሲ አካባቢ ተበላሽቶ ቆሟል። ታክሲ ለመያዝ ተሰልፌያለሁ፤ በ2፡30 ፈንታ እስከ 3፡15 እደርሳለሁ። ለ3፡00 ሰዓት የሚፈለገው ሪፖርት ተጠናቅቆ ትናንት በኢሜይል ተልኮልዎታል። ከፈቀዱልኝ የሚጎድለውን 45 ደቂቃ ዛሬ ከ11፡30 እስከ 12፡15 ቆይቼ አካክሳለሁ።»

ስለ ብልሽቱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አይጻፉ፤ እርሷን የሚያስጨንቃት የሞተሩ ነገር ሳይሆን እርስዎ እስኪደርሱ የትኛው ሥራ ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። «አካክሳለሁ» ብሎ መተውም ቀኑንና ሰዓቱን የመቁረጡን ሥራ ለእርሷ ማሸከም ስለሆነ፣ ሰዓቱን ራስዎ ጠቅሰው ፈቃዷን ብቻ ይጠይቁ። መልእክቱን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካላየችው ይደውሉላት።

የመድረሻ ሰዓትዎን ሲገምቱ የታክሲ ሰልፉን ጭምር ያስቡ። እኔ አንድ ጊዜ «በ15 ደቂቃ እደርሳለሁ» ብዬ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገድጃለሁ፤ ከመዘግየቱ ይልቅ ያሳፈረኝ እርሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መሥሪያ ቤትዎ በጣት አሻራ የሚቆጣጠር ከሆነ መሣሪያው የሚመዘግበው የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት እንጂ የተስማማችሁበትን ምክንያት አይደለም። እኔ አምሽቼ የሠራሁት ሰዓት ሳይታሰብልኝ ማርፈዴ ብቻ ተቆጥሮ ከደመወዜ ተቀንሷል፤ የቡድን መሪው የፈቀደልኝ በቃል ነበርና ለሰው ኃይል ክፍል የማሳየው ጽሑፍ አልነበረኝም። ስለዚህ «እሺ» የምትለውን በጽሑፍ ያስቀሩ፤ በስልክ ከፈቀደችልዎም «በተነጋገርነው መሠረት እስከ 12፡15 እቆያለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይላኩላት።