ሰኔ 30ን አትጠብቁ፦ በመጋዘን ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በንብረት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር መጋዘኑን ዘግተን፣ ከሒሳብም ከሽያጭም ሰው ተውሰን ሦስት ቀን እንቆጥር ነበር። ዕቃውን ለይቶ የማያውቅ ሰው ሲቆጥር ደግሞ አዲስ ስህተት ይጨምራል። ጉድለት ቢገኝ እንኳ በየትኛው ወር እንደተፈጠረ የሚያውቅ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያልወሰደው ዕቃ ከደመወዙ ሲቆረጥበት አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቁጠሩ፤ ሳይክል ካውንት የሚሉት ይህንን ነው። መጋዘናችሁ 1,200 ዓይነት ዕቃ አለው እንበል። ብዙ ገንዘብ የተያዘባቸውን 180 ዓይነቶች በየወሩ፣ መካከለኞቹን 360 በየሦስት ወሩ፣ የቀሩትን 660 በዓመት አንዴ ብትቆጥሩ በዓመት 4,260 ቆጠራ ይሆናል። ለ284 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 15 ይደርሳል። ጠዋት ወጪ ሳይጀመር ቁጠሩ። በቆጣሪው ወረቀት ላይ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት የቢን ካርድ ቀሪ አይጻፍ፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ካየ ዓይኑ ወደዚያ ይጎተታል።

አንድ ጠዋት ያጋጠመንን ልንገራችሁ። የ6205 ኩሽኔታ ቢን ካርድ 86 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 68 ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ቆጠረው፤ ያው 68። ከ23 ቀን በፊት ስንቆጥር 70 ሆኖ ከካርዱ ጋር ገጥሞ ነበር፤ ስለዚህ የምንፈልገው በእነዚያ 23 ቀናት ሰነዶች ውስጥ ብቻ ነው። ገቢው 40፣ ወጪው 24 ነበር። የጎደለው 18 ደግሞ ለ9 እኩል ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው የቁጥር መገለባበጥን፣ ወይም አሥርን እንደ አንድ መጻፍን ነው። የወጪ ሰነዶቹን ስናገላብጥ አንዱ ላይ «2» ተጽፎ የመለኪያው ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘነው። የጥገናውን ልጅ ጠራነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት ጥቅል ነው የወሰድኩት» አለኝ።

አንዱ ጥቅል 10 ኩሽኔታ ይይዛል። 20 ወጥቶ ከካርዱ የተቀነሰው 2 ነው። ሰኔ ላይ ብንጠይቀው ልጁም ባላስታወሰ።

ካርዱን በማስተካከል ብቻ አትቁሙ። እኛ በጥቅል የሚመጡትን ሌሎች ዕቃዎች በዚያው ሳምንት ቆጠርን፤ በአንዱ ላይ ያው ስህተት ተደግሞ አገኘን። ከዚያ ወዲህ መለኪያ ያልተጻፈበት የወጪ ሰነድ አንቀበልም። ማስተካከያውንም የሚፈርመው የቆጠረው ሰው አይደለም።

ካርድ ይዞ መቁጠር ካርድ የሌለውን ዕቃ አያሳያችሁም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን አንድ መደርደሪያ መርጣችሁ፣ ከዕቃው ተነስታችሁ ካርዱን ፈልጉ። የዓመቱንም ቆጠራ ወዲያው አታስቀሩ። ኦዲተሩ የዕለት ቆጠራችሁን፣ የየልዩነቱን ምክንያትና የማስተካከያ ፊርማውን አይቶ እስኪቀበል ድረስ ሰኔ 30 ላይ መጋዘኑን መዝጋታችሁን ቀጥሉ፤ ወረቀቶቹንም ቀን እየጻፋችሁ በአንድ ቦክስ ፋይል አቆዩለት።